«ሃውንድስቱዝ» ብዬ የሸጥኩት ኮት ተመለሰብኝ፤ የውሻ ጥርሱን ከሌላው እንዴት ነው የምትለዩት?

ማሂ_ኮት
ሰላም ለሁላችሁ። ሰልባጅ ኮትና ጃኬት እየመረጥኩ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ደንበኛ ሃውንድስቱዝ ኮት ፈልጊልኝ አለችኝ፣ እኔም ጥቁርና ነጭ የሆነ የሱፍ ኮት አገኘሁና «ሃውንድስቱዝ፣ ሙሉ ገበር ያለው» ብዬ ላክሁላት። በማግስቱ «ይሄ ሃውንድስቱዝ አይደለም» ብላ መለሰችው። የሞተር ደርሶ መልስ ከኪሴ ከፈልኩ። ብሩ ሳይሆን የቆጨኝ፣ እኔ ራሴ ልዩነቱን ማስረዳት አለመቻሌ ነው።

ኮቱ አሁን ፊቴ ነው ያለው። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ይመስላል። ሲጠጉት ጥቁር ካሬ አለ፣ ነጭ ካሬ አለ፣ በመሃላቸው ደግሞ ሰያፍ ሰያፍ የተሰመረ ካሬ አለ። እንደ ጥርስ የሾለ ነገር ግን አይታየኝም። ታዲያ ምንድን ነው ስሙ?

ከዚሁ ጋር ሦስት ዕቃ አለኝ፤ ሰማያዊና ነጭ ካሬ ሸሚዝ (ጊንጋም ይመስለኛል)፣ የዓሣ አጥንት የሚመስል ቡናማ ጃኬት፣ እና አንድ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሌላ ኮት። ከመለጠፌ በፊት በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቶማስ_ስፌት
እህቴ አትጨነቂ፣ ነገሩ ቀላል ነው። 22 ዓመት መርካቶ ሰፍቻለሁ። ዳሩ የተቦጫጨቀ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ከሆነ ሃውንድስቱዝ ነው። ካሬው ቀጥ ያለ ከሆነ ጊንጋም ነው። ስለዚህ ያንቺ ኮት የሱፍ ጊንጋም ነው። የዓሣ አጥንት ያልሽው ሄሪንግቦን ይባላል፣ ሼቭሮንም ይሉታል፣ ያው አንድ ነው።

የሸማኔ_ልጅ
ጋሽ ቶማስ፣ ስለ ሃውንድስቱዙ ዳር ያሉት ልክ ነው፣ ጊንጋሙ ላይ ግን አልስማማም። ማሂ «በመሃላቸው ሰያፍ የተሰመረ ካሬ አለ» ብላለች። ጊንጋም ላይ ሰያፍ መስመር ሊመጣ አይችልም። ጊንጋም እንደ ነጠላችን ነው የሚሸመነው፤ ማጉ አንዱን ድር ከላይ ያልፋል፣ ቀጣዩን ከታች፣ እንደገና ከላይ። በእንደዚህ ዓይነት ሽመና ቀለሙና ነጩ ሲገናኙ የሚወጣው የተፈጨ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም ነው። ለዚህ ነው ጊንጋም ላይ ሁልጊዜ ሦስት ድምቀት የምታዩት። ሙሉ ሰማያዊ፣ ሙሉ ነጭ፣ እና መሃል ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ሰማያዊ።

ሰያፍ ካለ ሽመናው ትዊል ነው። ጂንስሽን ገልብጠሽ እዪው፣ ያ አጋድሞ የሚሄደው መስመር ትዊል ነው። ሃውንድስቱዝም ሄሪንግቦንም የሚሠሩት በትዊል ነው።

ማሂ፣ ስሙን ከመናገሬ በፊት አንድ ሥራ ሥሪልኝ። የኮቱን የታች እጥፋት ከውስጥ በኩል ግለጪ። መርፌ ያዢ፣ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ ተመልከቺ፣ ከዚያ ቁመቱን ከሚሄዱት ክሮች ስንት ጥቁር ተከታትለው እንደመጡና ከነሱ ቀጥሎ ስንት ነጭ እንደመጣ ቁጠሪ። ወርዱንም እንደዚያው። አንዱ ክር ሌላውን ሲያልፍ ስንት ክር ከላይ፣ ስንት ክር ከታች እንደሚያልፍም ንገሪኝ። በዓይን ሳይሆን በመርፌው ጫፍ አንድ በአንድ እየነካሽ ቁጠሪ፣ ሱፍ ፀጉራም ስለሆነ ዓይን ይሸወዳል።

አበበ_ጥገና
ማሂ፣ የውሻ ጥርስ ያገኘው ኮት መጣል የለበትም። ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ጨርቅ አለ፣ ከዚያ ክር በክር ትስቢና ቀዳዳው ላይ እንደ ሽመናው በመርፌ ትመልሺዋለሽ። በደንብ ከተሠራ ማንም አያውቅም። ብዙ ሠርቻለሁ።

ማሂ_ኮት
አበበ ወንድሜ፣ ውሻ አልነከሰውም 🙏 የጨርቁ ዲዛይን ስም ነው፣ በእንግሊዝኛው የውሻ ጥርስ ማለት ነው። ግን የጥገናውን ነገር ያዝኩልህ፣ ብል የበላቸው ሁለት ኮቶች አሉኝ።

የሸማኔ ልጅ፣ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። ቁመቱ 6 ጥቁር ከዚያ 6 ነጭ። ወርዱም 6 እና 6። ክሩ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች ነው የሚያልፈው፣ በየመስመሩም አንድ ክር እየተንሸራተተ ይሄዳል።

የሸማኔ_ልጅ
በጣም ጥሩ ቆጥረሻል። ደንበኛሽ ትክክል ነበረች። ይሄ ሼፐርድስ ቼክ ነው፣ የእረኛ ካሬ እንበለው። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ያሉ እረኞች የሚደርቡት ጨርቅ ነበር። የነጭና የጥቁር በግ ሱፍ፣ ቀለም ሳይነከር። ሃውንድስቱዝ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቁጥሩ ብቻ ነው። ሃውንድስቱዝ 4 ጥቁር፣ 4 ነጭ ነው፣ በቁመትም በወርድም፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች በሆነ ትዊል። ለምን 4? ይሄን በቃል ከማስረዳ አብረን እንሥራው። ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ያለው ሰው ያውጣ።

8 ካሬ በ8 ካሬ ከልዪ። ከላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 4 ዓምዶች ጥቁር ድር ናቸው፣ ቀጣዮቹ 4 ነጭ። በግራ በኩል የመጀመሪያዎቹ 4 ረድፎች ጥቁር ማግ፣ ቀጣዮቹ 4 ነጭ። አሁን በእያንዳንዱ ካሬ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቂው፤ እዚህ ጋ ከላይ የሚታየው ድሩ ነው ወይስ ማጉ? በመጀመሪያው ረድፍ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ካሬ ድሩ ከላይ ነው፣ በቀሩት ማጉ። በሁለተኛው ረድፍ አንድ ወደ ቀኝ ትገፊዋለሽ፤ ድሩ ከላይ የሚሆነው በ2፣ 3፣ 6 እና 7 ነው። እንዲህ እያልሽ ትወርጃለሽ። ከላይ ያለው ክር ጥቁር ከሆነ አጥቁሪው። የሚወጣው ይሄ ነው፦

```
■■■■□□■■
■■■■■□□■
■■■■■■□□
■■■■□■■□
■■□□□□□□
□■■□□□□□
□□■■□□□□
■□□■□□□□
```

ይሄንኑ አጠገብ ላጠገብ፣ ላይና ታች ደጋግመሽ ስትስዪው ጥርሶቹ ብቅ ይላሉ። እዪው፣ ከላይ በግራ ሙሉ ጥቁር ካሬ አለ። ከታች በቀኝ ሙሉ ነጭ ካሬ አለ። በቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ጥቁርና ነጭ ሲገናኙ አንድ ወፍራም ሰያፍ ይወጣል፣ ያ ሰያፍ ደግሞ ከጥቁሩ ካሬ ጋር ይጣበቅና እንደ ጭራ ይረዝማል። ጥርስ የምንለው ያንን ጭራ ነው።

ትዊሉ ራሱን የሚደግመው በየ4 ክር ነው። ቀለሙም በየ4 ክር ከተለወጠ ሰያፉ በአንድ ካሬ ውስጥ አንዴ ብቻ ይገባል፣ ስለዚህ የካሬው አካል ይመስላል። ያንቺ ኮት ላይ 6 ስለሆነ በዚያው ካሬ ውስጥ አንድ ተኩል ዙር ይገባል። 8 ከሆነ ሁለት ዙር። ያኔ ዓይን ጭራ ማየቱን ይተውና በሰያፍ የተሰመረ ካሬ ያያል። አንቺ መጀመሪያ ላይ የጻፍሽውም ልክ እንደዚያ ነው። ዓይንሽ አልሳተም፣ ስሙን ነው ያጣሽው።

ቶማስ_ስፌት
ደብተር አውጥቼ ሣልኩት። እውነት ነው ወጣ። 4ቱን ሠርቼ ሳበቃ 6ቱንም ሞከርኩ፣ ጭራው የለም፣ መስመር ብቻ ነው። 22 ዓመት ስቆርጠው የነበረ ጨርቅ ነው፣ እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም። ተባረክ ልጄ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ካሬው ሲተልቅ ግራ የሚያጋባ አለ። አንድ ጊዜ ጥርሱ መዳፍ የሚያክል ኮት መጥቶልኝ ነበር። እሱ ላይ 4 ክር አልነበረም፣ በጣም ብዙ ነው። ያም ሃውንድስቱዝ ነው የሚሉት።

የሸማኔ_ልጅ
ልክ ነዎት ጋሽ ቶማስ፣ ይሄን መናገር ነበረብኝ። በተራው መንገድ ጥርሱን ለማተለቅ ወፍራም ክር ነው የሚያስፈልገው። ያም የራሱ ልክ አለው። መዳፍ የሚያክለው ጃካርድ በሚባለው መሣሪያ እየተመራ የተሸመነ ወይም የታተመ የጥርስ ሥዕል ነው። እዚያ ላይ መቁጠር አይጠቅምም፣ ቅርጹን ብቻ ነው የምናየው። የ4 በ4 ቆጠራ የሚሠራው ለትንሹና ለመካከለኛው ነው።

ሳባ_ስቶክሆልም
እኔ ስዊድን ነው የምኖረው፣ ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ስቶክሆልም የታሪክ ሙዚየም ውስጥ የገሩም ካባ የሚባል አለ። 1920 እ.ኤ.አ. ገሩም በሚባል ረግረግ ውስጥ ተቀብሮ ነው የተገኘው። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ360 እስከ 100 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። ሱፍ ነው፣ ሞላላ ቅርጽ አለው፣ ጥለቱ ደግሞ ይሄው ሃውንድስቱዝ ነው! የረግረጉ ውሃ ቀለሙን ቡናማ አድርጎታል፣ ጥርሱ ግን ይለያል። ልጆቼን ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

እና እዚህም የሚሉት የውሻ ጥርስ ነው። ፈረንሳዮች ግን የዶሮ እግር ይሉታል፣ ትልቁን ደግሞ የአውራ ዶሮ እግር። ጀርመኖችም የአውራ ዶሮ እርምጃ ነው የሚሉት። እኔ ለአማርኛ «የዶሮ እግር» ይሻላል ባይ ነኝ። ጭቃ ላይ ዶሮ ስትሄድ የምትተወውን ዱካ ሁላችንም ስለምናውቀው።

ማሂ_ኮት
ሳባዬ የዶሮ እግር ደስ ይላል፣ ግን ደንበኞቼ ኢንስታግራም ላይ አይተው ስለሚመጡ «ሃውንድስቱዝ» ብለው ነው የሚፈልጉት። የዶሮ እግር ብዬ ብጽፍ ማን ያገኘኛል?

ቶማስ_ስፌት
እኛ ሰፈር «ጥርስ» ብቻ ነው የምንለው። ጥርስ ያለው አምጣ ይባላል፣ ይመጣል።

ቢኒ_ሹራብ
እኔም ልጠይቅ። ሃውንድስቱዝ የሆነ ሹራብ አለኝ፣ ከውጭ አጎቴ ያመጣልኝ። ከላይ እንደተባለው በመርፌ ልቆጥር ብዬ ሞከርኩ፣ ድርም ማግም አጣሁ። ሁሉም እንደ ቀለበት የተያያዘ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ የላላ ክር ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ተጭበርብሬ ነው?

የሸማኔ_ልጅ
አልተጭበረበርክም። ሹራብ አይሸመንም፣ ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ነው የሚሠራው፤ ድርና ማግ የለውም። እዚያ ላይ እያንዳንዷ ቀለበት እንደ ደብተሩ አንድ ካሬ ሆና ነው ሥዕሉ የሚሠራው። ጀርባው ላይ ያለው ክር፣ ነጩ ከፊት ሲታይ ጥቁሩ ከኋላ ተራውን የሚጠብቅበት ነው። ጣትህ ወይም ቀለበትህ እንዳይዘው ስትለብስ ተጠንቀቅ፣ ከተሳበ ፊቱ ይሸበሸባል። ሃውንድስቱዝ ሹራብ ብትለው ሁሉም ሰው ይሄንኑ ይላል። ለእኔ ግን ጥርሱ ከሽመናው ራሱ ካልወጣ ሥዕሉ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ሳባ_ስቶክሆልም
እዚህ ላይ አልስማማም። ለባሹ የሚያየው ቅርጹን ነው። ስሙም የቅርጹ ስም ነው።

የሸማኔ_ልጅ
ለለባሽ አዎ። ለገዢ ግን ዋጋው ላይ ልዩነት ያመጣል፣ የምጨነቀው ለዚያ ነው። ወደ ማሂ ሸሚዝ እንምጣና ታዩታላችሁ። ማሂ፣ አበበ ከላይ ስለ ጥገና የተናገረውን አስታወሽ? ከውስጥ ስፌት ክር መሳብ። ያንን ሸሚዙ ላይ አድርጊው። በውስጥ ስፌቱ ትርፍ ላይ ቀለሙ ያለበት መስመር ውስጥ አንድ ክር በመርፌ አውጪና ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሳቢው። ከዚያ ክሩን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተሽ ምን ቀለም እንደሆነ ንገሪኝ።

ማሂ_ኮት
ሳብኩት። ገረመኝ እኮ! ክሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ትንሽ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጣ ያለ፣ ከዚያ እንደገና ሰማያዊ። እንደ ዝንጉርጉር እባብ። ገልብጬ ሳየው ደግሞ የውስጡ ቀለም ከውጭው ፈዘዝ ይላል።

የሸማኔ_ልጅ
ታትሟል ማለት ነው። እውነተኛ ጊንጋም የሚሠራው ክሩ መጀመሪያ ተነክሮ ነው። ስለዚህ የምትስቢው ክር ከዳር እስከ ዳር ወይ ሰማያዊ ነው ወይ ነጭ። ፊቱና ጀርባውም አይለይም። ያንቺ ግን ነጭ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ ነው ካሬ የታተመበት። በመሸጡ ምንም ክፋት የለውም፣ ግን ጊንጋም ሳይሆን «ጊንጋም የሚመስል ህትመት» ብለሽ ጻፊ።

የሁለቱን ልዩነት ልብስ ሰፊ በደንብ ያውቀዋል። በተነከረ ክር በተሠራው ላይ የካሬው መስመር ክሩ ራሱ ስለሆነ ካሬውን ተከትለህ ከቆረጥክ ክሩን ተከትለህ ቆረጥክ ማለት ነው። የታተመው ላይ ግን ጨርቁ ማተሚያው ላይ ትንሽ ከተዛባ ካሬው አንድ ቦታ ይሄዳል፣ ክሩ ሌላ ቦታ።

ይሄ የክር ምርመራ ለሃውንድስቱዝም ለሌላውም ይሠራል። አንድ የማይሠራበት ቦታ አለ፣ ኢካት የሚባለው። እሱ ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየተቋጠረ በቦታ በቦታ ስለሚነከር በእጅ የተሠራ ውድ ጨርቅ ሆኖ ሳለ ክሩ ዝንጉርጉር ይሆናል። ግን ኢካት ዳሩ የተንጠባጠበ ቀለም ስለሚመስል በዓይን ከጊንጋም ጋር አይምታታም።

ቶማስ_ስፌት
ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ! ለአንድ ምግብ ቤት ካሬ የጠረጴዛ ልብስ ስሰፋ አንዴ ደርሶብኛል። ቀዩን መስመር ይዤ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ። ታጥቦ ሲመጣ ማዕዘኑ ሁሉ ተጣሞ ነበር። 14 ጠረጴዛ። ጥፋቱን ከመቀስ ነበር የምቆጥረው፣ ለካ ህትመት ሆኖ ነው።

አሁን ግን ስለ ሄሪንግቦን መልስልኝ። እሱና ሼቭሮን አንድ አይደሉም እንዴ?

የሸማኔ_ልጅ
ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ማሂ ጃኬቱን ያዢው። የቁመት ዓምዶች አሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል ቀጣዩ ወደ ግራ። ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር አጉልተሽ እዪ። ሰያፉ ከሰያፉ ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ተራራ ይሠራል? ወይስ በመሃል ተቆርጦ አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው?

ማሂ_ኮት
አይገጥምም። ተቆርጧል። በመሃል እንደ ቀጭን ቦይ ያለ መስመር አለ፣ በግራ ያለው ሰያፍ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የቀኙ አይጀምርም፣ ትንሽ ተንሸራቷል።

የሸማኔ_ልጅ
ሄሪንግቦን ነው። ያ ቦይ የዓሣው አከርካሪ ነው። ሸማኔው ሰያፉን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞር ከላይ የነበረውን ክር ወደ ታች፣ ከታች የነበረውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ለዚህ ነው መስመሩ የሚቆረጠው። ሼቭሮን ላይ ግን ሳይገለብጥ እንደ መስታወት ይመልሰዋል፣ ጫፉ ይገጥምና የተያያዘ ጥርብ ተራራ ይሆናል። በቀለም ሳይሆን በዚያ ቦይ ነው የሚለዩት። ሁሉም ክር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ እንኳ ሄሪንግቦን በብርሃን ይታያል።

ቶማስ_ስፌት
ተቀብያለሁ። ኮት ስቆርጥ የጀርባውን መሃል ስፌት ሁልጊዜ ቦዩ ላይ ነው የማሳርፈው፣ ከዚያ ውጭ ካደረግኩት ጀርባው የተጣመመ ይመስላል። ስሙን ሳላውቅ ቦዩን አውቀው ነበር ማለት ነው። ማሂ ጃኬት ስትገዢ ይሄን እዪ፣ የጀርባው ስፌት ላይ ግራና ቀኙ እኩል ወርድ ካላቸው ሰፊው ተጠንቅቋል።

እትዬ_ዘነበች
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ጅዳ 11 ዓመት ሠርቼ ስመለስ አሠሪዬ የሰጠችኝ ትልቅ ሻርፕ አለኝ። የማንጎ ቅርጽ ያለው፣ ጫፉ የተቆለመመ፣ ውስጡ በአበባ የተሞላ። የልጄ ጓደኛ ፔዝሊ ነው አለኝ። ከካሽሚር ነው ብላኝ ነበር አሠሪዬ። እናንተ እንደምትሉት ክር ልሳብ ወይ? እፈራለሁ፣ እንዳላበላሸው።

የሸማኔ_ልጅ
እትዬ፣ አይሳቡ! ለእሱ ክር መሳብ አያስፈልግም። ፔዝሊ የሽመና ዓይነት አይደለም፣ የቅርጹ ስም ነው። ቅርጹ የፋርስና የካሽሚር ነው፣ ፋርሶች ቦቴህ ይሉታል። ፔዝሊ ደግሞ ስኮትላንድ ያለ ከተማ ነው። የካሽሚር ሻርፕ እንግሊዝ አገር ሲገባ በጣም ውድ ስለነበር፣ የፔዝሊ ሸማኔዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስመስለው በብዛት ሠሩት። ስሙም ከተማዋ ላይ ቀረ። የሠራው አንዱ፣ ስሙን የወሰደው ሌላው።

ስለዚህ ቅርጹን አይቶ ፔዝሊ ማለት ቀላል ነው። ከባዱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ነው። ሻርፑን ይገልብጡት። ጀርባው ፈዛዛ ከሆነና ምንም ክር ከሌለው ህትመት ነው። ጀርባው ላይ ረጃጅም የላሉ ክሮች ካሉ ወይም ተላጭተው አጫጭር ጸጉር ከሆኑ በጃካርድ የተሸመነ ነው። በእጅ የተሠራው የካሽሚር ግን እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ቦታ ብቻ ነው ወዲያ ወዲህ የሚሄደው፣ ስለዚህ ጀርባው ላይ ረጅም ክር የለም፤ ቀለም ከቀለም በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ግን በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለ።

እትዬ_ዘነበች
ገለበጥኩት። የላላ ክር የለም። ጀርባውም አልፈዘዘም፣ እንደ ፊቱ ደማቅ ነው ማለት ይቻላል። በጣቴ ስዳስሰው አንዳንድ ቦታ ጉብ የሚል ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የለም። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

የሸማኔ_ልጅ
እትዬ፣ በጽሑፍ ብቻ አልፈርድም። ልጅዎ በቀን ብርሃን የፊቱንና የጀርባውን አንድ ዓይነት ቦታ አጉልቶ ፎቶ ያንሳልዎ። በእጅ የተጠለፈም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ጉብ ይላል። እስከዚያው በውሃ አይጠቡት፣ ተንጠልጥሎም አይቀመጥ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት።

ሳባ_ስቶክሆልም
እትዬ ዘነበች እባክዎ ፎቶውን እዚህ ይለጥፉልን፣ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።

ማሂ_ኮት
የመጀመሪያውን ኮት አሁን እንዲህ ብዬ ለጠፍኩት፦ «የሱፍ ኮት፣ ጥቁርና ነጭ ሼፐርድስ ቼክ (የእረኛ ካሬ)፣ ሃውንድስቱዝን ይመስላል ግን ጥርስ የለውም፣ ክሩ የተነከረ እንጂ የታተመ አይደለም።» መጨረሻ ላይ የጨርቁን አጉልቼ ያነሳሁትን ፎቶ ጨመርኩ። ያቺው ደንበኛ አይታው «አሁን ገባኝ» ብላ ጻፈችልኝ። አልገዛችም፣ ሃውንድስቱዙን ነው የምትጠብቀው።

አሁን የቀረው አራተኛው ዕቃ፣ ያ ሌላው ኮት ነው። ጥርስ ስላየሁበት ደስ ብሎኝ መቁጠር ጀመርኩ። 4 ጥቁር፣ 4 ነጭ፣ 4 ጥቁር፣ 4 ነጭ እያለ ይሄድና ድንገት 2 ጥቁር፣ 2 ነጭ፣ 2 ጥቁር፣ 2 ነጭ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ 4 በ4። ወርዱም እንደዚያው። ተሳስቼ ነው?

የሸማኔ_ልጅ
አልተሳሳትሽም። ግሌን ቼክ ነው። ስሙን ያገኘው ስኮትላንድ ውስጥ ግሌን አርኩሃርት ከሚባል ሸለቆ ነው። 4ቱ ከ4ቱ ጋር ሲገናኝ ሃውንድስቱዝ ይወጣል፣ ያየሽው ጥርስ እሱ ነው። 2ቱ ከ2ቱ ጋር ሲገናኝ ደቃቅ ነጠብጣብ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ ትልልቅ ካሬ ይመስላል። በላዩ ላይ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ወይም ቀይ መስመር ካሬ እየሠራ የሚያልፍ አለ?

ቶማስ_ስፌት
ይሄማ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ነው የምንለው! የድሮ ሰዎች ሙሉ ሱፍ ሲያሰፉ የሚመርጡት።

ማሂ_ኮት
ቆይ መብራቱን ላብራ። አዎ አለ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ሳየው የነበረ ቢሆንም ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።

የሸማኔ_ልጅ
አታጥቢው በይ 😀 እሱን በፎቶው ላይ አጉልተሽ አሳይ። ያ ሰማያዊ ክር ስፌቱ ላይ ከገጠመ ኪሱ ላይም መግጠሙን እዪልኝ፣ ጋሽ ቶማስ ስፌቱን ያዩልሻል።

ቶማስ_ስፌት
ኪሱንና የደረቱን አብረሽ በአንድ ፎቶ አንሺ። እጅጌው ከደረቱ ጋር መግጠሙንም ማየት እፈልጋለሁ።